የቡሬ ወተት፦ ካታሌዝና ኦክሲዴዝ አንድን ያልታወቀ ባክቴሪያ እንዴት እንዳጠበቡት

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ሲወጡ ከብት የማያረባ ግቢ ጥቂት ነው። ይህ ጉዳይ የመጣውም ከአንዱ እንዲህ ካለ ግቢ ነው። ባለቤቷ ከቤታቸው ጓሮ ዲቃላ የወተት ላሞች ያረባሉ፤ ወተቱን ጠዋትና ማታ ለከተማ ነጋዴ ያስረክባሉ። እኛ እትዬ ነው የምንላቸው።

ቡሬ የምትባለው ላማቸው ከወለደች ብዙም ሳትቆይ የኋላ ቀኝ ጡቷ አበጠ። ወተቱ ቀጠነ፤ እንደ እርጎ የተቆራረጠ ነገርም ይወጣው ጀመር። የእንስሳት ሐኪሙ በጡት ቀዳዳ የሚገባ የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒት ሰጣት። ትንሽ የተሻላት መሰለች፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ። መድኃኒቱ ተደገመ። አሁንም ያው። በዚህ መሃል ዳማ የምትባለዋ ሌላ ላም ታመመች። የእሷ ከቡሬ የከፋ ነበር፤ ትኩሳት ያዛት፤ መኖ ተወች፤ ወተቷም ውሃ ሆነ።

እትዬ ሁለቱንም ናሙና ይዘው ከሐኪሙ ጋር ላቦራቶሪ ሲመጡ ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ "ልጄ፣ የቡሬ ነው ወይ ወደ ዳማ የተላለፈው? ከሆነስ ሌሎቹንም ሊጨርስብኝ ነው?"

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ ገንዘብ የተያያዘበት ነው። በሽታው ከላም ወደ ላም የሚተላለፍ ከሆነ የታመመችውን መለየት፣ መጨረሻ ላይ ማለብ፣ አንዳንዴም መሸጥ ግድ ይሆናል። ከአካባቢው የመጣ ከሆነ ደግሞ ቡሬን መሸጥ ምንም አይፈታም። ምንጩ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀራል።

ናሙናው የተወሰደበት መንገድ ጥሩ ነበር። ሐኪሙ የጡቱን ጫፍ አጽድቶ፣ በ70 በመቶ አልኮል ጠርጎ፣ የመጀመሪያውን ወተት ደፍቶ ነው በንጹሕ ቱቦ የተቀበለው። በበረዶም አምጥቶታል። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ወተት ከጡት ጫፍ ቆዳ፣ ከአላቢው እጅ፣ ከጭራ ባክቴሪያ ይለቅማል። በአንድ ማሳደጊያ ፕሌት ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ኮሎኒ፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምችት፣ ካየን ናሙናው ተበክሏል ብለን እንደገና እናስመጣለን።

ወተቱን ባክቴሪያ በሚያሳድጉ ሁለት ምግቦች፣ በደም አጋርና ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር ባለበት ማኮንኪ አጋር ላይ ዘርግተን በ37 ዲግሪ አሳደርነው።

በማግስቱ ፕሌቱ ላይ ያየነው

በቡሬ የደም አጋር ላይ ሁለት ዓይነት ኮሎኒ ነበር። አንዱ በብዛት የበቀለ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ግራጫ። ሌላው ጥቂት፣ ትንንሽ፣ ነጭ። ግራጫው በማኮንኪ ላይም በቅሏል፤ ግን ሮዝ አልሆነም። ይህ ማለት ላክቶስን አላፈላም ማለት ነው። ነጩ በማኮንኪ ላይ አልበቀለም።

በዳማ ፕሌት ላይ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። በማኮንኪ ላይ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ወጥቷል።

ከሁሉም በፊት ባክቴሪያዎችን በሚይዙት ቀለም ለሁለት የሚከፍለውን ግራም ስቴይን ሠራን። የቡሬ ግራጫ ኮሎኒ ግራም ነጌቲቭ ዘንግ ሆነ። የዳማውም እንዲሁ። ነጩ ግራም ፖዘቲቭ ክብ ሆነ፤ አንዳንዱ ጥንድ፣ አንዳንዱ ጥቂት ተጠጋግቶ ነበር። ዘለላ ነው ወይስ የተቆረጠ ሰንሰለት? ከጠጣር አጋር ላይ በተነሳ ስሚር ይህን በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል።

ግራሙን ያስቀደምነው ልማድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ካታሌዝም ሆነ ኦክሲዴዝ የሚባለው ፈተና ብቻውን ቆሞ የባክቴሪያ ስም አይሰጥም። አንዱ ባክቴሪያ ካታሌዝ ፖዘቲቭ ነው ቢባል፣ በዚያ ብቻ ዓለም ላይ ካሉት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹን መጥራት ይቻላል። ቅርጹና የግራም ቀለሙ ሲታወቅ ነው ፈተናው በሁለት በሮች መሃል የሚያስመርጠን። ግራም ፖዘቲቭ ክብ ከሆነ የመጀመሪያው በር ካታሌዝ ነው። ግራም ነጌቲቭ ዘንግ ከሆነ ኦክሲዴዝ።

ነጩ ኮሎኒና አረፋው

ከነጩ እንጀምር፤ አጭር ስለሆነ።

ኦክሲጅን የሚጠቀም ባክቴሪያ በሥራው መሃል ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይፈጠርበታል። ይህ ነገር ለራሱ ለባክቴሪያው መርዝ ነው። ካታሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክሲጅን ይሰብረዋል፦

```
2H2O2 → 2H2O + O2
```

የምናየው አረፋ ይኸው ኦክሲጅን ነው። ስቴፊሎኮከስ ኢንዛይሙ አለው። ስትሬፕቶኮከስና ኢንቴሮኮከስ የላቸውም። ስለዚህ ግራም ፖዘቲቭ ክብ ባክቴሪያ በእጃችን ካለ፣ አንድ ጠብታ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሁለቱን ታላላቅ ወገኖች ይለያቸዋል።

በቡሬ ጉዳይ ይህ ተራ ጥያቄ አልነበረም። ነጩ ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲዬ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሁሉ ይለወጥ ነበር። እሱ በአላቢ እጅና በጨርቅ ከጡት ወደ ጡት የሚዛመት ነው። ብዙውን ጊዜም በፔኒሲሊን ይታከማል። እንግዲህ መድኃኒቱ ያልሠራው በአሰጣጥ ጉድለት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ንጹሕ ስላይድ ላይ በእንጨት ዘንግ ከኮሎኒው አናት ጥቂት ታኖራለህ። ከዚያ ፐርኦክሳይዱን ጠብ ታደርግበታለህ። በዚህ ቅደም ተከተል። ስላይዱን ፔትሪ ዲሽ ውስጥ አስቀምጦ ወዲያው መክደን ደግ ነው፤ አረፋው ሲፈነዳ ባክቴሪያውን ወደ አየር ይረጫልና።

ትልቁ አደጋ ደሙ ነው። ቀይ የደም ሴል ራሱ ካታሌዝ አለው። ኮሎኒውን ስትጭር ከሥሩ ያለውን አጋር አብረህ ከቧጠጥክ፣ ስትሬፕቶኮከስም ቢሆን አረፋ ያወጣል። ያ አረፋ የላሟ ወይም የባክቴሪያው ሳይሆን የበጉ ነው፤ አጋሩ ውስጥ የገባው ደም። ይህን ለማየት የሚፈልግ ሰው ባዶ የደም አጋር ላይ፣ ምንም ኮሎኒ የሌለበት ቦታ፣ አንድ ጠብታ ፐርኦክሳይድ ያኑር። አጋሩ ራሱ ይፈላል። በፕሌቱ ላይ በቀጥታ ፐርኦክሳይድ ጠብ የሚያደርግ ሰው ካለ ይህን አንዴ ካየ ሁለተኛ አይደግመውም።

በዚህ ምክንያት ነጩን ኮሎኒ ደም ወደሌለው ኑትሪየንት አጋር አሻግረን ሌላ ሌሊት አሳደርነው። ቀን ያባከነ ይመስላል፤ ግን ኮሎኒዎቹ ትንንሽ ስለነበሩ ደም ሳይነኩ ማንሳት አይቻልም ነበር። በማግስቱ ጠብታው ገና ሲነካው ብዙ አረፋ ወጣ። ጎን ለጎን የሠራነው ስቴፊሎኮከስ ኦሬየስም እንዲሁ ሆነ። ኢንቴሮኮከሱ ዝም አለ። እነዚህ ሁለቱ ጠባያቸው የታወቀ መቆጣጠሪያዎቻችን ናቸው።

ትንሽ፣ ዘግይቶ የሚመጣ አረፋ ሲታይ ግን መቸኮል የለበትም። አንዳንድ ኢንቴሮኮከስ ሌላ ዓይነት ደካማ ኢንዛይም ኖሮት ጥቂት አረፋ ያሳያል። ኮሎኒው ከ24 ሰዓት በላይ ካረጀ ደግሞ እውነተኛው ፖዘቲቭም ይደክማል። ፐርኦክሳይዱ ራሱም ብርሃንና ሙቀት ካገኘው ኃይሉን ያጣል። ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ፣ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ነጩ እንግዲህ የስቴፊሎኮከስ ወገን ሆነ። ቀጥሎ ኮአጉሌዝ ሠራን፤ ፕላዝማውን አላረጋም። ስለዚህ ስቴፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኘንም። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ የቆዳ ነዋሪ የሆኑት ኮአጉሌዝ ነጌቲቭ ስቴፊሎኮከሶች ደግሞ በወተት ናሙና ውስጥ ብርቅ አይደሉም። ሐኪሙ ከቡሬ ሁለተኛ ናሙና ሲያመጣ ግራጫው በብዛት ተመለሰ፤ ነጩ አልተመለሰም። ፊታችንን ወደ ግራጫው አዞርን።

ግራጫውና ሐምራዊው ቀለም

በግራጫው ላይም ካታሌዝ ተሠርቶ ነበር። በኃይል አረፋ አወጣ። አብራን የምትሠራው ልጅ ውጤቱን መዝገብ ላይ ስትጽፍ "ይኼ ምን ጨመረልን?" ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልጨመረልንም። ኢ. ኮላይም፣ ክሌብሴላም፣ ፕሱዶሞናስም፣ አሲኔቶባክተርም ሁሉም ካታሌዝ ፖዘቲቭ ናቸው። በግራም ነጌቲቭ ዘንግ ላይ ይህ ፈተና ከሞላ ጎደል በር አይከፍትም።

ኦክሲዴዝ ግን ይከፍታል። ምን እንደሚለካ ልግለጽ።

ባክቴሪያ በኦክሲጅን ሲተነፍስ ኤሌክትሮኖችን ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው እያቀበለ መጨረሻ ላይ ለኦክሲጅን ያስረክባል። በአንዳንድ ባክቴሪያዎች የመጨረሻው አስረካቢ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። የምንጠቀምበት ሪኤጀንት ቴትራሜቲል ፓራ ፌኒሊንዳያሚን ይባላል፤ በ1 በመቶ ይበጠበጣል። ገና ሲበጠበጥ ቀለም የለውም። ኢንዛይሙና ሳይቶክሮም ሲ ባሉበት ኤሌክትሮኑን ይሰጣል፤ ሲሰጥ ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል። ኮቫች የተባለው ተመራማሪ በ1956 ያቀረበው የወረቀት ዘዴ እስከ ዛሬ የብዙ ላቦራቶሪ አሠራር ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኦክሲዴዝ ነጌቲቭ ማለት ባክቴሪያው በኦክሲጅን አይተነፍስም ማለት አይደለም። ኢ. ኮላይ በኦክሲጅን በደንብ ይተነፍሳል። ግን ኤሌክትሮኑን በሌላ ዓይነት ኢንዛይም ነው የሚያስረክበው። ሪኤጀንቱ ያንን አያይም።

ውጤቱ የሚከፍለው እንዲህ ነው። ኢ. ኮላይ፣ ክሌብሴላ፣ ሳልሞኔላና ፕሮቴየስ ያሉበት የኢንቴሮባክቴራሌስ ትልቅ ቤተሰብ ኦክሲዴዝ ነጌቲቭ ነው። ፕሌሲዮሞናስ የሚባለው ብቻ ያፈነግጣል። አሲኔቶባክተርም ነጌቲቭ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ሌላ ነው። ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ፣ ኤሮሞናስ፣ ቪብሪዮ፣ ፓስቱሬላና መሰሎቻቸው ይቀራሉ። ፓስቱሬላ ብዙውን ጊዜ በማኮንኪ ላይ አይበቅልም፤ የእኛው በቅሏል።

ልጅቷ ሁለቱንም፣ የቡሬንም የዳማንም፣ አንድ ላይ ሠራቻቸው። ማጣሪያ ወረቀት ፔትሪ ዲሽ ውስጥ አድርጋ በሪኤጀንቱ አረጠበች። ከደም አጋር ላይ ኮሎኒ አንስታ ወረቀቱ ላይ አሸች። የቡሬው ወዲያው ሐምራዊ ሆነ። የዳማውም ወዲያው ሐምራዊ ሆነ።

ለአፍታ መልሱ የተገኘ መሰለ። ሁለት ላሞች፣ ሁለት ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ዘንጎች። እትዬ እንደጠረጠሩት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላልፏል ማለት ነው።

ግን አንድ የማይገጥም ነገር ነበር። የዳማው ማኮንኪ ላይ ደማቅ ሮዝ ነው። ላክቶስን በኃይል የሚያፈላ ግራም ነጌቲቭ ዘንግ ሲገኝ መጀመሪያ የሚታሰበው የኢ. ኮላይ ወገን ነው፤ እሱ ደግሞ ኦክሲዴዝ ነጌቲቭ መሆን አለበት። ላክቶስ የሚያፈላ ኤሮሞናስ አለ፤ ስለዚህ አይቻልም ብሎ መጣል አይገባም። ቢሆንም ሁለት ውጤቶች ሲጋጩ ከባክቴሪያው በፊት መጠየቅ ያለበት ፈተናው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መቆጣጠሪያዎቹ ምን አሉ የሚል ሆነ። ልጅቷ መቆጣጠሪያዎቹንም በዚያው ወረቀት ላይ ሠርታ ነበር። ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳው ሐምራዊ ነው፤ ትክክል። ኢ. ኮላይውም ሐምራዊ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ቆመ። ኢ. ኮላይ ሐምራዊ ከሆነ የዚያ ወረቀት ውጤት በሙሉ አይቆጠርም። የሚያስደስተንም ጭምር።

ጥፋቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀም፤ መንገዱ ግን ለሌላም ስለሚጠቅም እነግራችኋለሁ። በአዲስ ወረቀት ላይ ሪኤጀንቱን ብቻ አደረግን፤ ቀለም ሳይለውጥ ቆየ። ስለዚህ ሪኤጀንቱ ገና አልተበላሸም። ከዚያ ኮሎኒው የተነሳበትን ሉፕ ያለምንም ባክቴሪያ ወረቀቱ ላይ አሻሸን። ሐምራዊ! ቀጥሎ ባዶ የእንጨት ዘንግ አሻሸን፤ ምንም።

ሉፑ የኒኬልና የክሮም ሽቦ ነበር። በእሳት ሲጋይ በላዩ ላይ የሚፈጠረው ዝገት መሰል ነገርና የብረት ቅሪት ሪኤጀንቱን ራሱ ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል። ባክቴሪያ ኖረም አልኖረም ቀለሙ ይመጣል። ለኦክሲዴዝ የፕላቲኒየም ሽቦ፣ የፕላስቲክ ሉፕ፣ የመስታወት ዘንግ ወይም እንጨት ነው የሚያስፈልገው። አንድ ንጹሕ ስቴኪኒም ይበቃል። ብረት ካታሌዝንም ያታልላል፤ ጋለ ወይም ዛገ የሚባል ሽቦ ፐርኦክሳይድ ውስጥ ሲነከር አረፋ ሊያወጣ ይችላል። ቅድም ባክቴሪያው ይቅደም፣ ጠብታው ይከተል ያልኩት አንድም ለዚህ ነው።

በእንጨት ዘንግ ተደገመ። ሰዓት ይዘን ቆምን።

ፕሱዶሞናሱ መቆጣጠሪያ ወዲያው ሐምራዊ ሆነ። ኢ. ኮላይው አንድ ደቂቃ ሙሉ ቀለም አልያዘም። የቡሬው ግራጫ ኮሎኒ ከ10 ሰከንድ በፊት ጠቆረ። የዳማው አንድ ደቂቃ ቆይቶም ምንም አልሆነም።

ሰዓት መያዙ ወግ አይደለም። ሪኤጀንቱ አየር ሲያገኝ በራሱ ይሐመራል። በ10 ሰከንድ ውስጥ የመጣ ቀለም ጥርጥር የለውም። እስከ 60 ሰከንድ የዘገየ እንደ ዘገየ ይመዘገባል፤ ሌላ ማረጋገጫም ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ አይቆጠርም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሻይ ጠጥቶ የሚመለስ ሰው ሁሉንም ፖዘቲቭ ያገኘዋል። ሪኤጀንቱንም ጥቂት ጥቂት እየበጠበጥን ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ፍሪጅ እናስቀምጣለን፤ ከሳምንት አናሳልፈውም። ሰማያዊ መስሎ ከታየ ይደፋል። ቆዳም ስለሚጎዳ ጓንት ግድ ነው።

ስለ አጋሩም አንድ ቃል። ኦክሲዴዝን ከማኮንኪ ላይ አንሠራም። ስኳር ያለበት አጋር ላይ ባክቴሪያው ስኳሩን አፍልቶ አሲድ ካወጣ ፈተናው በሐሰት ነጌቲቭ ሊል ይችላል። የማኮንኪ ቀለምም ከኮሎኒው ጋር ተነስቶ ወረቀቱን ያቀልማል። የዳማውን ነጌቲቭ ያመንነው ከደም አጋር ላይ ስለተነሳ ነው። ከሮዙ ማኮንኪ ቢሆን ኖሮ ነጌቲቩም ጥርጥር ይኖረው ነበር፤ ምናልባት ላክቶስ የሚያፈላ ኤሮሞናስ ተደብቆበት እንደሆነስ?

ከፖዘቲቭ በኋላ

አሁን የሁለቱ ላሞች መንገድ ተለያየ። የዳማው ላክቶስ የሚያፈላ፣ ኦክሲዴዝ ነጌቲቭ ዘንግ ነው። ኢንዶል ፖዘቲቭ፣ ሲትሬት ነጌቲቭ ሆነ፤ ኢ. ኮላይ ብለን ዘጋነው። በድንገት ትኩሳት ያመጣው፣ ወተቱን ውሃ ያደረገው፣ መኖ ያስተዋት ሁሉ ከኢ. ኮላይ የግት በሽታ ጋር ይገጥማል። ምንጩ ብዙ ጊዜ እርጥብ መኝታና እበት ነው።

የቡሬው ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ሆኖ ገና ስም አልነበረውም። የቀሩት ዋና ተፎካካሪዎች ፕሱዶሞናስና ኤሮሞናስ ናቸው። ሁለቱም ውሃ ይወዳሉ፤ ሁለቱም ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ናቸው። ልዩነታቸው ስኳር ላይ ነው። ኤሮሞናስ ግሉኮስን ያፈላል። ፕሱዶሞናስ አያፈላም፤ ስኳርን የሚጠቀመው ኦክሲጅን ባለበት ብቻ ነው። ትሪፕል ሹገር አይረን አጋር ላይ ወግተን አሳደርነው። ኤሮሞናስ ቢሆን ኖሮ የታችኛው ክፍል ቢጫ ይሆን ነበር። አልሆነም፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ እንደሆነ አደረ። ስለዚህ የማያፈላ፣ ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ ዘንግ።

ከፕሱዶሞናሶች መሃል የትኛው? በ42 ዲግሪ አሳደርነው፤ በቀለ። ወተትንና ቀዝቃዛ ውሃን የሚወደው ፕሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ በዚህ ሙቀት አይበቅልም። ኑትሪየንት አጋሩም በሁለተኛው ቀን አረንጓዴ ሆነ፤ ቀለሙ ከኮሎኒው አልፎ አጋሩ ውስጥ ሰርጓል። ክዳኑ ሲነሳ ደግሞ የወይን ፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ አለው። ሆን ብሎ ፕሌት ማሽተት አይገባም፤ ይህ ግን ሳይጠሩት ይመጣል። ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ነው።

የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒት ለምን እንዳልሠራ እዚህ ላይ መልስ አገኘ። ይህ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን፣ አምፒሲሊንን፣ ክሎክሳሲሊንን በተፈጥሮው ይቋቋማል። ከሐኪሙ አሰጣጥ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም። በዲስክ ስንፈትነው ጄንታማይሲን ዙሪያ ጥሩ ክብ ባዶ ቦታ ታየ። ለሐኪሙ ግን ያንን ውጤት ስንሰጥ አብረን የነገርነው ነገር አለ፦ ፕሌት ላይ የተገታ ፕሱዶሞናስ ግት ውስጥ ይድናል ማለት አይደለም። ጡት ውስጥ ሥር ከሰደደ ብዙውን ጊዜ አይለቅም።

ግቢው ውስጥ የተፈለገው

የባክቴሪያው ስም የት መፈለግ እንዳለብን ነገረን። ስቴፊሎኮከስ ኦሬየስ ቢሆን ኖሮ የምናየው የአላቢውን እጅና የሌሎቹን ላሞች ጡት ነበር። ፕሱዶሞናስ ሲሆን ግን የሚፈለገው እርጥብ ነገር ነው፦ ውሃ፣ ታንከር፣ ጎማ፣ የጡት ማጠቢያ ባልዲ፣ የተከፈተ የመድኃኒት ጠርሙስ።

እትዬ ውሃ በፕላስቲክ ታንከር ነው የሚያጠራቅሙት። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ታንከሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ታጥቦም አያውቅም። ከታንከሩ የሚወጣው ጎማ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይውላል፤ ውሃ በውስጡ ሞቆ ይቆያል። ጠዋት ላሞቹ ከመታለባቸው በፊት ግታቸው በዚያ ጎማ ይታጠባል። ሳይደርቅም ይታለባል። የጎማውን አፍ በጣት ስንነካው ያዳልጣል።

ከታንከሩም ከጎማውም ውሃ ወስደን በማሳደጊያ ሾርባ አሳድረን ፕሱዶሞናስን መርጦ በሚያሳድገው ሴትሪማይድ አጋር ላይ ዘረጋን። ከጎማው የመጣው አረንጓዴ ሆኖ በቀለ። በእንጨት ዘንግ፣ ከመቆጣጠሪያዎች ጋር፣ ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ። በ42 ዲግሪም በቀለ። ታንከሩ ውስጥ አላገኘንም።

ይህ ውጤት ሊሸከም የሚችለውን ያህል ብቻ ነው ያሸከምነው። የጎማውና የቡሬው አንድ ዝርያ መሆናቸውን ያሳያል። አንዱ ከሌላው መጣ ብሎ ለመመስከር የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ያ የለም። ፕሱዶሞናስ ብዙ እርጥብ ቦታ የሚገኝ ባክቴሪያ ስለሆነ መገጣጠሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግን በጎማው ግት እየታጠበ፣ ሳይደርቅ እየታለበ፣ ሌላ ምንጭ ሳይገኝ፣ ጎማውን አለመቀየር ትክክል አይሆንም ነበር።

ለእትዬ ውጤቱን ስንነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ነው የመለስነው። "እትዬ፣ የዳማ ከቡሬ አልመጣም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የቡሬ ከውሃው ሳይሆን አይቀርም፣ የዳማ ደግሞ ከመኝታው።"

"እንዴ፣ ሁለት በሽታ ነው የገባብኝ?" አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ "ታዲያ ቡሬን ባልሸጣትስ?" አሉ።

ውሳኔው የእሳቸውና የሐኪሙ ነበር። ሐኪሙ የቡሬን የታመመ ጡት ለማዳን ተጨማሪ መድኃኒት ከማፍሰስ ይልቅ እሱን ጡት አድርቆ በሦስቱ እንድትታለብ መከረ። የታመመው ጡት ወተት ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል፣ እሷም መጨረሻ ላይ እንድትታለብ ተስማሙ። ጎማው ተጣለ። ታንከሩ ተፍቆ በክሎሪን ታጠበ። ጡት የሚታጠበው ከቆሸሸ ብቻ ሆነ፤ ከታጠበም ለእያንዳንዷ ላም በየራሷ ጨርቅ ይደርቃል። የዳማ መኝታ ደረቅ ገለባ ተደረገለት። ዳማ ቶሎ ቶሎ እየታለበች፣ ፈሳሽ እየተሰጣት ዳነች። የወተቷ መጠን ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም።

ለሐኪሙ የሰጠነው ወረቀት ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ "ቡሬ፣ የኋላ ቀኝ ጡት፦ ግራም ነጌቲቭ ዘንግ፤ ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ በ10 ሰከንድ ውስጥ፤ ግሉኮስ የማያፈላ፤ በ42 ዲግሪ የበቀለ፤ ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ። ዳማ፦ ግራም ነጌቲቭ ዘንግ፤ ላክቶስ የሚያፈላ፤ ኦክሲዴዝ ነጌቲቭ፤ ኢ. ኮላይ።" በሥሩ ደግሞ የመጀመሪያው የኦክሲዴዝ ሥራ መቆጣጠሪያው ስለወደቀ መሰረዙና በእንጨት ዘንግ መደገሙ ተመዝግቧል። የተሰረዘው ወረቀትም ከነሐምራዊ ነጥቦቹ መዝገቡ ውስጥ ተለጥፎ ይገኛል፤ አዲስ የሚመጡ ባለሙያዎች ኢ. ኮላይ የተጻፈበትን ነጥብ እንዲያዩት።